የደረሰኝ ድምር በሳንቲም ሲዛነፍ፦ የትኛው የቁጥር ዓይነት? የትስ ይጠጋጋ?

አንድ ደረሰኝ ላይ ሦስት መስመር አለ እንበል፤ 34.50፣ 12.30 እና 87.90 ብር። ድምሩ 134.70 ብር ነው፤ እዚህ ላይ ማንም አይጣላም። የ15 በመቶ ቫቱ ስንት ነው ሲባል ግን አንዱ ሲስተም 20.20 ይላል፣ ሌላው 20.21፣ ሦስተኛው 20.22። ሦስቱም መልሶች በእጅ ተሰልተው ሊረጋገጡ ይችላሉ፤ ልዩነቱ የመጣው በየት በኩል እንደተጠጋጋና በምን ደንብ እንደተጠጋጋ ነው።

ይህ ሲያጋጥም ፕሮግራመሩ ቶሎ ብሎ «ፍሎቲንግ ፖይንት ነው» ይላል፤ ከዚያም የዳታቤዙን ኮለም ወደ ዴሲማል ይቀይራል። ችግሩም በሚቀጥለው ወር ይመለሳል። ምክንያቱም ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች አሉ፤ ቁጥሩ በምን ዓይነት ይቀመጥ የሚለውና ማጠጋጋቱ የት ይደረግ የሚለው። አንዱን አስተካክሎ ሌላውን መተው ሳንቲሟን ከቦታ ቦታ ከማዛወር ያለፈ ጥቅም የለውም።

መጀመሪያ ጥፋቱ ከየት እንደሆነ መለየት

ኮምፒውተር `double` በሚባለው የፍሎቲንግ ፖይንት ዓይነት ቁጥር ሲይዝ የሚይዘው በሁለት ቤት ስሌት ነው። 0.15 በሁለት ቤት ስሌት ማለቂያ የሌለው ተደጋጋሚ ቁጥር ስለሚሆን የሚቀመጠው ተቆርጦ ነው፤ የተቀመጠውም ከ0.15 በጣም በትንሹ ያንሳል። ስለዚህ 34.50 በ0.15 ሲባዛ ትክክለኛው መልስ 5.175 ቢሆንም ማሽኑ ውስጥ ያለው 5.17499999999999982 ገደማ ነው። ስክሪኑ ላይ ሲታተም ደግሞ 5.175 ተብሎ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ዓይን አይቶ አይለየውም። ወደ ሁለት አሃዝ ሲጠጋጋ ግን 5.18 መሆን የነበረበት 5.17 ይሆናል።

ብዙ ሰው ስህተቱ በየመስመሩ እየተጠራቀመ ሄዶ ሳንቲም የሚሞላ ይመስለዋል። በ`double` እንዲህ አይሆንም ማለት ይቻላል። በአንድ ሚሊዮን ብር አካባቢ በሁለት ተከታታይ `double` ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ከብር አንድ ቢሊዮንኛ ያንሳል፤ ድምሩ አንድ ሚሊዮን ብር እስኪሞላ አሥር ሺህ መስመር ቢደመር እንኳ የተጠራቀመው ስህተት የሳንቲም አንድ ሺህኛ አይደርስም። ጉዳቱ የሚመጣው ያቺ ኢምንት ስህተት ልክ ግማሽ ሳንቲም ላይ የቆመን ቁጥር ወደ ታች ስትገፋው ነው። የሚጠራቀመውም እሱ ነው፤ በየመስመሩ አንድ አንድ ሙሉ ሳንቲም።

ግማሽ ሳንቲም ላይ መቆም ደግሞ ከሚገመተው በላይ የተለመደ ነው። ቫቱ 15 በመቶ ሲሆን ዋጋው በ10፣ በ30፣ በ50፣ በ70 ወይም በ90 ሳንቲም ያለቀ መስመር ሁሉ ቫቱ ልክ ግማሽ ሳንቲም ላይ ያርፋል። ዋጋ በ50 ሳንቲም መጨረስ የተለመደ በሆነበት ሱቅ ይህ በየደረሰኙ የሚገኝ ነገር ነው።

ከዚህ በመነሳት ምርመራው ቀላል ነው። የተዛነፈውን ደረሰኝ ወስዶ በዴሲማል ሁለት ጊዜ ማስላት፤ አንዴ በየመስመሩ እያጠጋጉ፣ አንዴ ድምሩ ላይ ብቻ። ሲስተሙ ያወጣው ቁጥር ከሁለቱ በአንዱ ከገጠመ ፍሎቲንግ ፖይንት ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ የተጋጩት ሁለት የማጠጋጊያ ቦታዎች ናቸው። ግን ድምሩ ገጠመ ብሎ ማቆም አይበቃም፤ መስመር በመስመር ማስተያየት ያስፈልጋል፤ ለምን እንደሆነ ከታች ያለው ሠንጠረዥ ያሳያል። ሲስተሙ በሚጠቀምበት የማጠጋጊያ ደንብ ተሰልቶም ከሁለቱም ካልገጠመ የቁጥሩ ዓይነት ተጠያቂ ነው። ልዩነቱ ከሳንቲም በታች ሆኖ፣ ለምሳሌ ዴቢትና ክሬዲት «እኩል አይደሉም» ተብሎ የሚቆም ከሆነ፣ ሁለት `double` በ`==` እየተነጻጸሩ ነው ማለት ነው፤ 0.10 እና 0.20 ሲደመሩ ከ0.30 ጋር እኩል አለመሆናቸው የታወቀ ነው።

አንድ ለየት ያለ ምልክት አለ፤ ትንንሽ ደረሰኞች ደህና ሆነው ትልልቆቹ ብቻ የሚዛነፉ ከሆነ ኮለሙ ባለ አራት ባይት ፍሎት መሆኑን ይመልከቱ። የማይኤስኪውኤል `FLOAT` እና የፖስትግሬስ `real` እንዲህ ናቸው። ከ131,072 ብር በላይ በሁለት ተከታታይ ቁጥሮች መካከል ያለው ክፍተት 0.015625 ብር ነው፤ ከአንድ ሳንቲም ይበልጣል። 150,000.01 ብር ተቀምጦ ሲወጣ 150,000.02 ይሆናል። እዚህ ላይ የሚመረጥ ነገር የለም፤ ኮለሙ ይቀየራል።

ምርጫ አንድ፦ ቁጥሩ በምን ይቀመጥ

*`double` ይዞ ማጠጋጋት።* ሥራ ላይ ያለ ሲስተም ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይህን ነው፤ በየቦታው የማጠጋጊያ ፈንክሽን መጨመር። አንዳንዴ ይሠራል፤ የሚያሳስበውም አንዳንዴ መሥራቱ ነው። ጃቫስክሪፕት ውስጥ ሁለቱም የተለመዱ የሆኑ መንገዶች ለአንድ መስመር ሁለት መልስ ይሰጣሉ፦

```javascript
(34.5 * 0.15).toFixed(2)              // "5.17"
Math.round(34.5 * 0.15 * 100) / 100   // 5.18
```

የመጀመሪያው ማሽኑ ውስጥ ያለውን ትክክለኛ ቁጥር አይቶ ወደ ታች ይወስደዋል። ሁለተኛው በ100 ሲያባዛ ራሱ ማባዛቱ ያጠጋጋና ስህተቷን ይውጣታል፤ ልክ 517.5 ላይ ያርፋል። ስክሪኑ `toFixed` ሲጠቀም ማስቀመጫው `Math.round` ከተጠቀመ ደንበኛው ያየውና መዝገቡ የያዘው ይለያያሉ። ሁለተኛውን ሁሌ ልጠቀም ማለትም አያድንም፤ 1.005 በ100 ሲባዛ 100.49999999999999 ስለሚሆን 1.01 መሆን የነበረበት 1.00 ይወጣል። ለግራፍና ለግምት ሪፖርት `double` ምንም አይልም፤ ለሚታተም ደረሰኝ ግን አይመረጥም።

*ሳንቲምን በኢንቲጀር መያዝ።* 34.50 ብር ሳይሆን 3450 ሳንቲም። መደመርና መቀነስ ምንጊዜም ልክ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ዳታቤዝ ሁሉ ይችለዋል። ኤስኪውላይት ለሚጠቀም ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም፤ ኤስኪውላይት ላይ `NUMERIC(18,2)` ብሎ ኮለም ቢፈጠርም 34.55 ውስጥ ለውስጥ የሚቀመጠው በፍሎቲንግ ፖይንት ነው።

ቫቱን ለማውጣት በ15 ማባዛት፣ 50 መጨመር፣ በ100 ማካፈል ነው፤ ለ3450 ትክክለኛውን 518 ይሰጣል። ወጥመዱ ክሬዲት ኖት ላይ ነው። ያው ቀመር ለ-3450 ሲሠራ የሚያወጣው -517 ነው፤ ደረሰኙ ሙሉ በሙሉ ተመልሶም አንድ ሳንቲም ቫት መዝገቡ ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች። የጃቫስክሪፕት `Math.round` ለ-517.5 የሚሰጠውም -517 ነው። መፍትሔው ምልክቱን አውጥቶ በፖዘቲቭ ማስላትና መጨረሻ ላይ ምልክቱን መመለስ ነው፤ ከሁሉም የተሻለው ደግሞ ክሬዲት ኖቱ ቫቱን እንደገና ሳያሰላ ከዋናው ደረሰኝ እንዲገለብጥ ማድረግ ነው።

ሌላው የኮለሙ ስፋት ነው። ባለ 32 ቢት ኢንቲጀር የሚይዘው እስከ 2,147,483,647 ነው፤ በሳንቲም ሲቆጠር 21,474,836.47 ብር ማለት ነው። አንድ የሲሚንቶ አከፋፋይ ይህን በአንድ ወር ሊያልፈው ይችላል፤ ስለዚህ `BIGINT` ይሁን። ገንዘብ ሁሉ ሁለት አሃዝ ያለው አለመሆኑም መረሳት የለበትም፤ የኩዌት ዲናር ሦስት አሃዝ አለው፣ የጃፓን የን ምንም የለውም። ከኩዌት ጋር የሚገበያይ ድርጅት «በ100 አካፍል» የሚል ኮድ በየቦታው ተበትኖ ከነበረ ያኔ ዋጋውን ይከፍላል።

ክብደትና የነጠላ ዋጋ ሲመጡም ኢንቲጀር ያስቸግራል። 2.375 ኪሎ በ34.50 ብር ሲባዛ 81.9375 ነው፤ ብዛቱን በግራም፣ ዋጋውን በሳንቲም ይዞ መጨረሻ ላይ በ1000 ማካፈል ይቻላል፣ ግን እያንዳንዱ ኮለም የራሱን መለኪያ ስለሚይዝ አንድ ሰው ሲረሳ ስህተቱ በሺህ እጥፍ ይሆናል።

*ዴሲማል።* የጃቫ `BigDecimal`፣ የሲሻርፕ `decimal`፣ የፓይተን `Decimal`፣ የዳታቤዝ `NUMERIC`። 0.15 እዚህ 0.15 ነው። በጣም ብዙ ስሌት ካለ ከ`double` ይዘገያል፤ ደረሰኝ ላይ ግን ማንም አያስተውለውም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው መግቢያው ላይ ነው። `Decimal(0.15)` ብሎ መጻፍ የተቆረጠውን ቁጥር እንዳለ ይዞ ይገባል፤ በጥቅስ ምልክት `Decimal("0.15")` መሆን አለበት። `new BigDecimal(0.15)`ም እንዲሁ ነው። ኮዱ ሁሉ ዴሲማል ሆኖ ከድረ ገጹ የሚመጣው ጄሰን ላይ ዋጋው ያለ ጥቅስ ቁጥር ሆኖ ከተላከ ብዙዎቹ አንባቢዎች ወደ `double` ቀይረው ነው የሚያስገቡት። ስለዚህ ዋጋ በጄሰን ሲተላለፍ በጽሑፍ መልክ፣ `"34.50"` ተብሎ ይላክ።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ደንቡን በስም መጥራት ነው። ፓይተን ውስጥ የዴሲማል መነሻ ደንብ ግማሽን ወደ ተጋማሽ ቁጥር መውሰድ ነው፤ 1.845 ወደ 1.84፣ 5.175 ወደ 5.18። የሲሻርፕ `Math.Round` መነሻም ይኸው ነው። ፖስትግሬስ ደግሞ `numeric` ሲያጠጋጋ ግማሽን ከዜሮ ያርቃል፤ 1.845 ወደ 1.85። አፕሊኬሽኑ በአንዱ፣ የዳታቤዙ ሪፖርት በሌላው ሲሠሩ ሳንቲም ይዛነፋል፤ ሁለቱም ዴሲማል ሆነው ሳለ።

```python
from decimal import Decimal, ROUND_HALF_UP
def vat(base):
    return (base * Decimal("0.15")).quantize(
        Decimal("0.01"), rounding=ROUND_HALF_UP)
```

ይህ የፓይተን `ROUND_HALF_UP` ለኔጌቲቭ ቁጥርም ከዜሮ ያርቃል፤ -34.50 ላይ -5.18 ይሰጣል፤ ስለዚህ ከላይ የተነሳው የክሬዲት ኖት ችግር እዚህ የለም።

ፍርዱ፦ ቋንቋውና ዳታቤዙ ዴሲማል ካላቸው ዴሲማል ይመረጥ፤ ዋጋና ድምር በ`NUMERIC(18,2)`፣ ብዛትና የነጠላ ዋጋ በአራት ወይም በስድስት አሃዝ። ዳታቤዙ ኤስኪውላይት ከሆነ ወይም ሥራው ሁሉ በጃቫስክሪፕት ከሆነ ኢንቲጀር።

ምርጫ ሁለት፦ የት ይጠጋጋ

አሁን መጀመሪያ ወዳነሳነው ደረሰኝ እንመለስ። ሦስቱም መስመሮች በ50፣ በ30 እና በ90 ሳንቲም ስለሚያልቁ ቫታቸው ግማሽ ሳንቲም ላይ ቆሟል፦ 5.175፣ 1.845፣ 13.185።

| ዘዴ | 34.50 | 12.30 | 87.90 | ቫት |
|---|---|---|---|---|
| በየመስመሩ፣ ግማሽ ወደ ላይ | 5.18 | 1.85 | 13.19 | 20.22 |
| በየመስመሩ፣ ግማሽ ወደ ተጋማሽ | 5.18 | 1.84 | 13.18 | 20.20 |
| ድምሩ ላይ፣ ግማሽ ወደ ላይ | – | – | – | 20.21 |
| `double`፣ በየመስመሩ በ`toFixed` | 5.17 | 1.84 | 13.19 | 20.20 |

የመጨረሻው ረድፍ ትኩረት ይሻል። ድምሩ ከሁለተኛው ረድፍ ጋር እኩል ነው፤ መስመሮቹ ግን አይገጥሙም፤ አንዱ በሳንቲም ጎድሎ ሌላው በሳንቲም በልጦ ተካካሱ። ድምሩን ብቻ የሚያይ ፈተና ይህን ያሳልፈዋል፤ የሚቀጥለው ደረሰኝ ላይ ግን አይካካሱም።

*በየመስመሩ ማጠጋጋት* ደረሰኙ ላይ የየመስመሩ ቫት በሚታተምበት ጊዜ ይስማማል፤ ደንበኛው በካልኩሌተር ቢደምር ይገጥምለታል። ዕዳው በመስመር ብዛት የሚያድግ መሆኑ ነው፤ በየመስመሩ እስከ ግማሽ ሳንቲም፣ በ40 መስመር እስከ 20 ሳንቲም ድምሩ ከ15 በመቶ ሊርቅ ይችላል። ግማሽ ወደ ላይ የሚለው ደንብ ሲጨመርበት መዛነፉ ሁሌም ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፤ ምክንያቱም ግማሽ ሳንቲሞቹ ሁሉ ወደ ላይ ነው የሚሄዱት።

*ድምሩ ላይ ማጠጋጋት* ንዑስ ድምር፣ ቫት፣ ጠቅላላ ብቻ ለሚያትም ደረሰኝ የተሻለ ነው። ምንም ያህል መስመር ቢኖር ከትክክለኛው 15 በመቶ የሚርቀው ከግማሽ ሳንቲም አይበልጥም። የቫት መጠናቸው የተለያየ ዕቃዎች አንድ ደረሰኝ ላይ ካሉ ግን በየመጠኑ ተለይተው ይደመሩ፤ የ15 በመቶዎቹ ለብቻ፣ ዜሮ ተመን ያላቸው ለብቻ፣ ነጻ የሆኑት ለብቻ። መስመሩ ራሱ፣ ማለትም ብዛት በዋጋ ተባዝቶ የሚታተመው ገንዘብ፣ በዚህም ዘዴ ቢሆን በሁለት አሃዝ መጠጋጋት አለበት፤ 81.9375 ታትሞ 81.94 ሆኖ ሳለ ስሌቱ ውስጥ 81.9375 ከተደመረ ንዑስ ድምሩ ራሱ ይዛነፋል።

አካውንታንቱ በኤክሴል አረጋግጦ «አይገጥምም» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው። ኤክሴል ሴሉን 5.18 አድርጎ ያሳያል እንጂ ውስጡ ያለው 5.175 ነው። ሦስቱ ሴሎች 5.18፣ 1.85፣ 13.19 እየታዩ ድምራቸው 20.21 ይላል፤ የሚታዩት ቁጥሮች በእጅ ሲደመሩ ግን 20.22 ነው። `=ROUND(A1*0.15,2)` ተብሎ ካልተጻፈ የሴል ፎርማት ማጠጋጋት አይደለም።

*ድምሩ ላይ አስልቶ ለመስመሮች ማከፋፈል* ሁለቱን ያስታርቃል፤ የድምሩ ቫት ልክ ይሆናል፣ የመስመሮቹም ቫት ሲደመር ይገጥማል። አሠራሩ እንዲህ ነው። የድምሩ ቫት 2021 ሳንቲም ነው። የየመስመሩ ቫት ወደ ታች ይቆረጣል፤ 517፣ 184፣ 1318፤ ድምራቸው 2019 ነው፣ ሁለት ሳንቲም ይቀራል። የቀሩት ሳንቲሞች የተቆረጠባቸው ክፍልፋይ ትልቅ ለሆነ መስመሮች አንድ አንድ ይሰጣሉ። እዚህ ሦስቱም እኩል ግማሽ ስለሆኑ የእኩልነት ደንብ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ ዋጋው የበለጠ ይቅደም፤ ዋጋውም እኩል ከሆነ የመስመር ቁጥሩ ያነሰ። ውጤቱ 5.18፣ 1.84፣ 13.19 ይሆናል፤ ድምሩ 20.21። የእኩልነት ደንቡ ከተረሳ ያው ደረሰኝ በድጋሚ ሲታተም ሳንቲሟ ሌላ መስመር ላይ ልትገኝ ትችላለች። ክፋቱ የ12.30ው መስመር ለብቻው ሲታይ 1.85 የሚጠብቅ ሰው 1.84 ማግኘቱ ነው፤ አንድ ዕቃ ብቻ ሲመለስም ቫቱ ከተከፋፈለው ላይ መነሳት አለበት። ይህን ዘዴ የየመስመሩን ቫት ማተም ግዴታ ካልሆነ መጀመር አያስፈልግም።

ሽያጩ በሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የሚያልፍ ከሆነ ግን ምርጫው የእርስዎ ብቻ አይደለም። መሣሪያው ቫቱን በራሱ መንገድ ያሰላል፤ የሂሳብ ሶፍትዌሩ ከሱ ካልገጠመ በየቀኑ ከዜድ ሪፖርቱ ጋር ሳንቲም ማስታረቅ ነው። ቀደም ሲል ከታተሙት ደረሰኞች በ10፣ በ30፣ በ50፣ በ70 ወይም በ90 ሳንቲም የሚያልቁ ብዙ መስመሮች ያሉበትን ፈልገው በሠንጠረዡ ዘዴዎች ያስሉት። የገጠመው ዘዴ የመሣሪያው ነው፤ ሶፍትዌሩ እሱን ይከተል። በ00 የሚያልቁ ዋጋዎች ብቻ ያሉበት ደረሰኝ ምንም አይነግርም፤ የሙሉ ብር ቫት ሁሌም ሙሉ ሳንቲም ስለሆነ ዘዴዎቹ ሁሉ አንድ መልስ ነው የሚሰጡት።

ዋጋው ቫት የተካተተበት ከሆነ

እዚህ ሌላ ወጥመድ አለ። ዕቃው ከነቫቱ 10.00 ብር ነው። ያለ ቫት ዋጋው 10 ለ1.15 ሲካፈል 8.6956... ነው፤ ተጠጋግቶ 8.70። ሲስተሙ ከ8.70 ተነስቶ ቫቱን ቢያሰላ 1.305፣ ግማሽ ወደ ላይ 1.31፤ ድምሩ 10.01 ይሆናል። 8.69 ብሎ ቢጀምር ቫቱ 1.30፣ ድምሩ 9.99። በዚህ ደንብ 10.00 የሚሰጥ ያለ ቫት ዋጋ ጭራሽ የለም። ዴሲማልም ኢንቲጀርም ይህን አይፈታውም። ስለዚህ ከነቫት ዋጋ የሚጀምር ሲስተም ደንበኛው የከፈለውን ገንዘብ እንደ ዋና ቁጥር ይያዝ፤ አንዱን ክፍል አስልቶ ያጠጋጋ፣ ሌላውን በመቀነስ ያግኝ፦ 10.00 ሲቀነስ 8.70፣ ቫት 1.30። ሁለቱን ለየብቻ አስልቶ መደመር ነው ሳንቲሟን የሚወልደው።

ሥራ ላይ ያለን ሲስተም መቀየር

ኮለሙ ከ`double` ወደ `NUMERIC(18,2)` ሲቀየር የድሮ ደረሰኞች ቫት እንደገና እንዳይሰላ። ደንበኛው እጅ ያለው ወረቀት 20.20 የሚል ከሆነ መዝገቡም 20.20 ነው፤ አዲሱ ደንብ 20.21 ቢልም። ቅየራው ከመደረጉ በፊት የእያንዳንዱ ደረሰኝ የታተመው ድምር በፒዲኤፍ ወይም በሌላ መልክ ካለ ከሱ ጋር ይመሳከር፤ `double` ውስጥ 5.17499999999999982 ሆኖ የተቀመጠ ሳይጠጋጋ የቀረ ቫት ወደ ሁለት አሃዝ ሲቀየር 5.17 ይሁን 5.18 ዳታቤዙ ራሱ ይወስንና ከታተመው ሊለይ ይችላል።

አዲሱ ደንብ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚሠራ በደረሰኙ መዝገብ ላይ ኮለም ተጨምሮለት ይያዝ፤ ክሬዲት ኖት ሲወጣ የዋናውን ደረሰኝ ደንብ እንዲከተል። የተረፉት ሳንቲሞች ደግሞ ለብቻ በተከፈተ የማጠጋጊያ ልዩነት ሂሳብ ይመዝገቡ። ያ ሂሳብ በወር ጥቂት ብር ካልዘለለ ጤነኛ ነው፤ በየቀኑ ወደ አንድ ወገን እያደገ የሚሄድ ከሆነ አሁንም ሁለት ደንብ በአንድ ሲስተም ውስጥ አለ፤ ፍለጋው ከሪፖርቱ የኤስኪውኤል መጠይቅ ይጀመር።